የፒዛው ሥዕል በቆርኪ ሲፈተሽ

ደንበኛዋ ፒዛ አዘዘች። 60 ደቂቃ ሞላ፤ ፒዛው የለም። ስልኳን አንስታ ደወለች። ገና ‹‹ፒዛዬስ የት ደረሰ?›› ስትል በሩ ተንኳኳ።

ቤት ውስጥ ቢሆን ይህ ችግር አይባልም። ስልኩን ዘግታ በሩን ትከፍታለች፤ አለቀ። ይህ ታሪክ ግን በቢፒኤምኤን ተሥሏል፤ ቢፒኤምኤን የሥራ ሂደትን በምልክቶች የሚያሳይ የሥዕል ቋንቋ ነው። ሥዕሉ ላይ በዚያች ቅጽበት በሩን የሚከፍት የለም። ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ይህንን ያስተዋልኩት ግን ወረቀት ላይ አትሜ ቆርኪ ሳስኬድበት ነው።

ሥዕሉ ቢፒኤምኤን ለሚማር ሰው አዲስ አይደለም። የቢፒኤምኤንን ደረጃ የሚያወጣው ኦኤምጂ እ.ኤ.አ. በጁን 2010 ባሳተመው የምሳሌዎች ሰነድ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ በየሥልጠናው ይገለበጣል፣ በየፈተናው ይመጣል። ገልባጮቹ ታዲያ አንዲት ቀስት ወይም አንዲት ክብ ይቀይራሉ። ሥዕሉ አሁንም ያው ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ሆኗል። ስለዚህ አንድ የቢፒኤምኤን ሥዕል መንገድ የሚከፍለውን ዳይመንድ ጌትዌይን፣ የሚሆነውን ነገር የሚያሳየውን ክብ ኢቨንትንና በተሳታፊዎች መካከል መልእክት የሚያደርሰውን ቀስት ሜሴጅ ፍሎውን በትክክል ተጠቅሟል ወይስ አልተጠቀመም የሚለውን ለማየት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም።

ምን ተሥሏል?

ሁለት ፑል አለ። ፑል ማለት የአንድ ተሳታፊ ሳጥን ነው። አንደኛው የደንበኛዋ፣ ሁለተኛው የፒዛ ቤቱ። የፒዛ ቤቱ ፑል በሦስት ሌን ተከፍሏል፦ ትዕዛዝ ተቀባይ፣ ፒዛ ጋጋሪና አድራሽ።

የደንበኛዋ ታሪክ አጭር ነው። ይርባታል። ፒዛ ትመርጣለች፣ ታዝዛለች። ከዚያ አንድ ዳይመንድ አለ፤ ኢቨንት ቤዝድ ጌትዌይ የሚባለው። ከእሱ ሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ ‹‹ፒዛ ደረሰ›› ወደሚል የመልእክት ኢቨንት ይሄዳል። ሌላው 60 ደቂቃ ወደሚቆጥር ሰዓት። ሰዓቱ ከቀደመ ደውላ ትጠይቃለች፤ ጠይቃም ወደ ዳይመንዱ ትመለሳለች። ፒዛው ከቀደመ ትከፍላለች፣ ትበላለች፣ ትጠግባለች።

ፒዛ ቤቱ የሚጀምረው ትዕዛዝ ሲደርሰው ነው። ወዲያው የመደመር ምልክት ያለበት ዳይመንድ፣ ማለትም ፓራለል ጌትዌይ፣ መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል። በአንደኛው መንገድ ፒዛው ይጋገራል፣ ይደርሳል፣ ክፍያ ይሰበሰባል። በሌላው ትዕዛዝ ተቀባዩ ‹‹ፒዛዬስ?›› የሚል ጥያቄ ይጠብቃል። ጥያቄው ሲመጣ ደንበኛዋን ያረጋጋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይጠብቃል። ክፍያ ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ክብ ውስጡ በጥቁር የተሞላ ነው። ተርሚኔት ኤንድ ኢቨንት ይባላል።

በሁለቱ ፑሎች መካከል የተቆራረጡ ቀስቶች ያልፋሉ፤ ሜሴጅ ፍሎው ናቸው። ትዕዛዙ፣ ጥያቄው፣ ፒዛው፣ ገንዘቡ፣ ደረሰኙ በእነሱ ይሄዳሉ።

ቆርኪ ማስኬድ

የቢፒኤምኤን ደረጃ ሥዕልን የሚያስረዳው በቶክን ነው። ቶክን በቀስቶቹ ላይ የሚሄድ ሃሳባዊ ምልክት ነው፤ ሥራው አሁን የት እንደደረሰ ያሳያል። እኔ በቆርኪ አደርገዋለሁ፣ ዳማ እንደምንጫወትበት። ለደንበኛዋ ባለ አንድ ቀለም ቆርኪ፣ ለፒዛ ቤቱ ሌላ ቀለም። ሕጉም ቀላል ነው። የአንዱ ፑል ቆርኪ ወደ ሌላው ፑል ፈጽሞ አይሻገርም። ሜሴጅ ፍሎው ወሬ ያደርሳል እንጂ ቆርኪ አያጓጉዝም።

ይህችን አንዷን ሕግ ይዞ መጀመር ብዙ ስህተት ያጋልጣል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ከ‹‹ማዘዝ›› ተነስቶ ወደ ፒዛ ቤቱ ያልተቆራረጠ ቀስት፣ ሲኩዌንስ ፍሎው፣ ይስባል። ‹‹ቀጥሎ የሚሆነው እሱ ነውና›› ይላል። ቀጥሎ የሚሆነው በእርግጥ እሱ ነው፤ ግን ቆርኪውን ይዞ ከሄደ ደንበኛዋ ቤት ማን ይጠብቃል? ሲኩዌንስ ፍሎው ከፑል ድንበር አይወጣም። ግልባጩም ስህተት ነው፦ ከጋጋሪው ወደ አድራሹ የተቆራረጠ ቀስት መሳል። ሁለቱ በአንድ ፑል ውስጥ ያሉ ሌኖች ናቸው። በሌኖች መካከል ሥራ የሚያልፈው በሲኩዌንስ ፍሎው ነው፤ ሜሴጅ ፍሎው በአንድ ፑል ውስጥ ቦታ የለውም። ኦሪጅናሉ ሁለቱንም በትክክል አድርጎታል።

የደንበኛዋ ዳይመንድ

አሁን ቆርኪውን ከ‹‹ማዘዝ›› ወደ ዳይመንዱ እናምጣው። እዚህ ብዙ ሰው ተራውን ኤክስክሉሲቭ ጌትዌይ ያስገባል፤ ኤክስ ያለበትን። ‹‹ፒዛው ደርሷል? አዎ፣ አይ›› ብሎም ይጽፍበታል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ቆርኪው ግን ኤክስ ያለበት ዳይመንድ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። እንደደረሰ ያለውን መረጃ ያያል፣ መንገድ ይመርጣል፣ ያልፋል። ያዘዘችው ከሁለት ሴኮንድ በፊት ነው፤ መልሱ ‹‹አይ›› ብቻ ነው። ደንበኛዋ እንዳዘዘች ወዲያው ደውላ ትጠይቃለች ማለት ነው።

ኢቨንት ቤዝድ ጌትዌይ ግን ራሱ አይወስንም። ይጠብቃል። የሚወስነው ቀድሞ የሆነው ነገር ነው። ፒዛው በ40ኛው ደቂቃ ከደረሰ ሰዓቱ ይሰረዛል። ሰዓቱ ከቀደመ ደግሞ የመልእክቱ ጥበቃ ይሰረዛል። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ይህ ጌትዌይ በደረጃው ላይ ጠበቅ ያሉ ሕጎች አሉት። ከኋላው የሚመጣው የሚጠብቅ ነገር መሆን አለበት፦ የሚቀበል ኢቨንት ወይም መልእክት የሚቀበል ሥራ። ተራ ሥራ አይቻልም። መልእክት የሚልክ ኢቨንትም አይቻልም። መላኪያውና መቀበያው የሚለዩት በፖስታው ቀለም ነው፤ ባዶው ይቀበላል፣ ጥቁሩ ይልካል። በሥዕሉ ላይ ‹‹ፒዛ ደረሰ›› ባዶ ፖስታ ነው፤ ትክክል። በጥቁር ፖስታ ቢሆን ኖሮ ደንበኛዋ ራሷ ፒዛ እየላከች ነበር።

ሌላው ሕግ ብዙም አይታወቅም። ከዚህ ጌትዌይ በቀጥታ የሚከተሉት ኢቨንቶች ከጌትዌዩ በስተቀር ከሌላ ቦታ የሚገባ ቀስት ሊኖራቸው አይችልም። ለዚህ ነው ከ‹‹ደውሎ መጠየቅ›› የሚመለሰው ቀስት ወደ ዳይመንዱ የሚገባው። ገልባጮች ቀስቱን ወደ ሰዓቱ ይመልሱታል፤ ‹‹ድጋሚ 60 ደቂቃ ትጠብቅ›› ለማለት። አስቡት። ቆርኪው ሰዓቱ ላይ ብቻ ይቆማል፤ ‹‹ፒዛ ደረሰ››ን የሚጠብቅ የለም። አንዴ የደወለች ደንበኛ ዕድሜ ልኳን በየሰዓቱ ትደውላለች እንጂ ፒዛውን አትቀበልም።

ወደ ዳይመንዱ ሲመለስ ሁለቱም ጥበቃ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሰዓቱም ከዜሮ ይቆጥራል። ስለዚህ ስልኩ 5 ደቂቃ ቢወስድባት ሁለተኛው ጥሪ በ120ኛው ሳይሆን በ125ኛው ደቂቃ ነው። ለፒዛ ግድ የለም። ለውል ቀነ ገደብ በተሠራ ሥዕል ላይ ግን ይህንን ሳልጠይቅ አላልፍም።

ፒዛ ቤቱና ያ ጥቁር ክብ

ወደ ሁለተኛው ፑል እንሂድ። ትዕዛዙ ሲደርስ አዲስ ቆርኪ ይወለዳል። መደመር ያለበት ዳይመንድ ላይ ሲደርስ ሁለት ይሆናል። አንዱ ወደ ጋጋሪው፣ አንዱ ወደ ጥያቄ መጠበቂያው።

በዚህ ቦታ ኤክስ ቢሆንስ? ፒዛ ቤቱ ወይ ይጋግራል ወይ ቅሬታ ይጠብቃል ማለት ነው። ይህን ስህተት ሁሉም ያየዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ‹‹የተከፈለ ሁሉ መዘጋት አለበት›› ብለው የተማሩ ሰዎች ናቸው። መጨረሻ ላይ ሌላ መደመር ጨምረው ሁለቱን መንገዶች ያገናኛሉ። ሥዕሉ ያምራል፤ እንደ ቅንፍ ተከፍቶ ተዘጋ። አሁን ቆርኪ አስኪዱበት። የሚያገናኝ ፓራለል ጌትዌይ ከሚገባው ቀስት ሁሉ አንድ አንድ ቆርኪ ካልደረሰው አያሳልፍም። ፒዛው በሰዓቱ ደረሰ፣ ተከፈለ፣ የመጀመሪያው ቆርኪ መጣ። ሁለተኛው የት ነው? ቅሬታ መጠበቂያው ላይ። ደንበኛዋ ደስተኛ ስለሆነች አትደውልም። ስለዚህ ሥራው የሚያልቀው ደንበኛዋ ስትናደድ ብቻ ነው! በኦሪጅናሉ እንዳለው መንገዱ ወደ መጠበቂያው የሚመለስ ከሆነማ ብትናደድም አያልቅም።

ኦሪጅናሉ አያገናኝም። የሚያቆመው በጥቁሩ ክብ ነው። ተርሚኔት ማለት በዚህ ፑል ውስጥ ያለውን የዚህን ትዕዛዝ ቆርኪ በሙሉ አንሳ ማለት ነው። ክፍያ ሲሰበሰብ መጠበቂያው ላይ የቀረው ቆርኪም ይነሳል። በቦታው ተራውን ወፍራም ክብ ብናስቀምጥ የሚነሳው እዚያ የደረሰው ቆርኪ ብቻ ነው። ሌላው ይቀራል። ለምሳሌ በቀን 40 ፒዛ የሚሸጥ ቤት ቢሆን፣ በ30 ቀን 1,200 ያልተዘጉ ትዕዛዞች ይከማቻሉ፤ ፒዛቸው ከተበላ ቆይቶ። ወረቀት ላይ ማንም አይጎዳም። በሶፍትዌር ላይ የሚሮጥ ሥዕል ሲሆን ግን ‹‹ክፍት ትዕዛዝ›› የሚለው ሪፖርት ዋጋ ያጣል። እንዲህ ዓይነት ሪፖርት ያየ ሰው መጀመሪያ የመጨረሻውን ክብ ይመልከት።

ተርሚኔት ፑሉን አይሻገርም። የፒዛ ቤቱ ሥራ ሲቆም የደንበኛዋ ቆርኪ አይነካም፤ ተቀምጣ ትበላለች። ሥዕሉ ይህንንም በትክክል ይጠቀማል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ተርሚኔት ጨዋ አይደለም። ትዕዛዝ ተቀባዩ ደንበኛዋን እያረጋጋ ሳለ ክፍያው ከተሰበሰበ፣ ሥራው ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይቋረጣል። ቢፒኤምኤን 2.0 ለዚህ ሌላ መንገድ አለው፦ ዋናውን ሥራ የማያቋርጥ ኢቨንት ሳብፕሮሰስ። ‹‹ጥያቄ ሲመጣ አረጋጋ›› የሚለውን በነጠብጣብ ድንበር ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ያኔ መጀመሪያ ላይ ያለው መደመርም፣ ጥቁሩ ክብም አያስፈልጉም። ጥያቄ ከመጣ ሳጥኑ ይነሳል፤ ካልመጣ አይነሳም፤ የተጀመረ ማረጋጋት ካለ ሥራው እሱን ጨርሶ ይዘጋል። እኔ ብሥለው እንዲህ እሥለው ነበር። ይህ ግን ምርጫ ነው፤ ኦሪጅናሉን ስህተት አያሰኘውም።

ትዕዛዝና ጥያቄ ለምን በተለያየ ክብ ገቡ?

ወደ ፒዛ ቤቱ የሚገቡትን ሁለት ሜሴጅ ፍሎዎች እንያቸው። ‹‹ትዕዛዝ›› የሚገባው መስመሩ ነጠላና ቀጭን የሆነ ክብ ውስጥ ነው፤ ስታርት ኢቨንት። ‹‹ፒዛዬስ?›› የሚገባው መስመሩ ድርብ የሆነ ክብ ውስጥ ነው፤ ኢንተርሚዲየት ኢቨንት። ሁለቱም ውስጥ ፖስታ አለ፤ ሁለቱም ይቀበላሉ። ልዩነቱ፣ የመጀመሪያው በመጣ ቁጥር አዲስ ሥራ ይወልዳል። ሁለተኛው ያለውን ሥራ ያገኛል።

አንድ ጀማሪ ሁለቱንም በነጠላ መስመር ሥሎ አይቻለሁ። ‹‹ሁለቱም ከውጭ የሚመጡ ናቸው›› አለኝ። ምክንያቱ መጥፎ አልነበረም። ግን በእሱ ሥዕል እያንዳንዱ ቅሬታ ምንም ትዕዛዝ የማያውቅ አዲስ ሥራ ይከፍታል። ትዕዛዝ ተቀባዩ የሚያረጋጋው ስለየትኛው ፒዛ ነው?

ኦሪጅናሉም ቢሆን ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልስ የለውም። ማምሻውን 15 ደንበኞች አዝዘው ከሆነ፣ መጠበቂያው ላይ 15 ቆርኪዎች ቆመዋል። የደወለችው ደንበኛ የትኛውን ታነቃለች? በሥዕሉ ላይ አይታይም፤ በዓይን እንዲታይም አይጠበቅም። ሶፍትዌር ላይ ግን መጻፍ አለበት። የቢፒኤምኤን ሥዕልን በሚያስኬደው ሶፍትዌር በካሙንዳ 7 ለምሳሌ መልእክቱ ከስሙ ጋር የትዕዛዙን መለያ ይዞ ይላካል፦

```
POST /message
{
  "messageName": "where_is_my_pizza",
  "businessKey": "order-118"
}
```

ስለዚህ ስገመግም የሚቀበል መካከለኛ ክብ ባየሁ ቁጥር ‹‹በምን ይለያል?›› ብዬ እጠይቃለሁ። የትዕዛዝ ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር፣ የሆነ ነገር መኖር አለበት። መልስ ከሌለ ክቡ በትክክል ቢሣልም አይሠራም።

በሩ ሲንኳኳ

ወደ መጀመሪያው ታሪክ እንመለስ። ያዙልኝ ያልኩት ይህ ነበር፦ ሰዓቱ ከቀደመ የመልእክቱ ጥበቃ ይሰረዛል።

60ኛው ደቂቃ ሞላ። የደንበኛዋ ቆርኪ ከዳይመንዱ ወጥቶ ‹‹ደውሎ መጠየቅ›› ላይ ቆመ። አሁን የፒዛ ቤቱ ቆርኪ ‹‹ማድረስ›› ላይ ደረሰ፤ ‹‹ፒዛ›› የሚለው ሜሴጅ ፍሎው ወደ ‹‹ፒዛ ደረሰ›› ተላከ። እዚያ የሚጠብቅ ቆርኪ ግን የለም። ስልኳን ስትጨርስ ወደ ዳይመንዱ ትመለሳለች፤ ፒዛው ግን አንዴ ተልኳል። ሌላ 60 ደቂቃ ትጠብቃለች።

ሁለቱን ፑሎች ለየብቻ ብታዩ ይህ አይታያችሁም። እያንዳንዱ ሕጉን ጠብቋል። ጉድለቱ ያለው በመካከል ነው፤ አንዱ የሚልክበት ጊዜና ሌላው የሚጠብቅበት ጊዜ ላይገጣጠሙ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለቱን ቆርኪዎች በአንድ ላይ ማንቀሳቀስ ግድ ነው። እኔ ለእያንዳንዱ ሜሴጅ ፍሎው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ላኪው በሚልክበት ቅጽበት ተቀባዩ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል?

ሶፍትዌር ላይ የሚሆነው እንደ ሶፍትዌሩ ነው። ካሙንዳ 7 የሚጠብቅ ካላገኘ መልእክቱን አይቀበልም፤ `MismatchingMessageCorrelationException` የሚል ስህተት ይመልሳል። ካሙንዳ 8 መልእክቱን በላኪው በተወሰነለት ጊዜ ያህል አቆይቶ፣ ተቀባዩ ሲመጣ ሊሰጠው ይችላል። ያው ሥዕል፣ ሁለት የተለያየ ዕጣ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዳይመንዱን እናንሳው። በምትኩ ‹‹ፒዛ መጠበቅ›› የሚል መልእክት የሚቀበል ሥራ እናስቀምጥ። በጠርዙ ላይ የማያቋርጥ ሰዓት እንለጥፍ፤ ድርብ ክቡ በተቆራረጠ መስመር የሚሣለው። በየ60 ደቂቃው እንዲደግም `R/PT60M` ተብሎ ይጻፋል። ሰዓቱ ሲደውል ሌላ ቆርኪ ወጥቶ ይደውላል፤ ዋናው ቆርኪ ግን ከመጠበቂያው አይንቀሳቀስም። በሩ በማንኛውም ጊዜ ቢንኳኳ የሚከፍት አለ። ፒዛው ሲደርስ ሥራው ያልቃል፤ ሰዓቱም አብሮ ይነሳል።

ታዲያ የኦኤምጂ ሥዕል ተሳስቷል? አልልም። ሰነዱ ራሱ ይህ ሥዕል በሶፍትዌር እንዲሮጥ የታሰበ እንዳልሆነ ይናገራል። ፒዛና ገንዘብን እንደ መልእክት የሣለውም ለዚህ ነው፤ ፒዛው በር ላይ መድረሱ ራሱ ለደንበኛዋ ወሬ ነው ይላል። ሰው የሚያነበው ሥዕል ላይ አንባቢው በሩን ራሱ ይከፍትላታል። ይህንኑ ሥዕል ለማሽን የሰጠ ሰው ነው የሚሳሳተው። ስለዚህ ከግምገማ በፊት የምጠይቀው ሥዕሉ ለማን እንደተሠራ ነው። ‹‹ለስብሰባ›› ከተባልኩ የበሩን ጉዳይ በማስታወሻ አልፈዋለሁ። ‹‹ለሲስተም›› ከተባልኩ አላሳልፍም።

ገንዘብና ደረሰኝ

የመጨረሻው ቦታ በር ላይ ነው። ደንበኛዋ ‹‹መክፈል›› የሚል ሥራ አላት፤ አድራሹ ‹‹ክፍያ መቀበል››። በሁለቱ መካከል ሁለት ሜሴጅ ፍሎ አለ፦ ገንዘብ ወደ ታች፣ ደረሰኝ ወደ ላይ። የትኛው ይቀድማል? ሥዕሉ አይናገርም። ቅደም ተከተሉ ሥራዎቹ ውስጥ ተደብቋል። እንደ አጭር መግለጫ ይበቃል።

አንድ ሰው ‹‹ዘርዘር አድርጌ ልሣለው›› ቢልስ? ደንበኛዋ ጠንቃቃ ናት፤ መጀመሪያ ደረሰኝ ትቀበላለች፣ ከዚያ ገንዘብ ትልካለች። አድራሹም ጠንቃቃ ነው፤ መጀመሪያ ገንዘብ ይቀበላል፣ ከዚያ ደረሰኝ ይልካል። ሁለቱም ፑል ለየብቻው እንከን የለሽ ነው። ፖስታዎቹ ባዶና ጥቁር በየቦታቸው ናቸው። ቀስቶቹ በትክክለኛው አቅጣጫ ናቸው። መሣያው ሶፍትዌር አንድ ቀይ ምልክት አያወጣም። ቆርኪዎቹ ግን በር ላይ ተፋጠው ይቀራሉ። እሷ ደረሰኝ ትጠብቃለች፣ እሱ ገንዘብ ይጠብቃል።

ይህን መቆላለፍ ለማግኘት አንዱ መንገድ ይህ ነው፦ ሁለቱ ፑሎች የሚለዋወጡትን መልእክት በቅደም ተከተል ጎን ለጎን መጻፍ። በደንበኛዋ በኩል ‹‹ደረሰኝ ተቀበል፣ ገንዘብ ላክ››፤ በአድራሹ በኩል ‹‹ገንዘብ ተቀበል፣ ደረሰኝ ላክ››። ሁለቱም ወገን በመቀበል ከጀመረ ማንም አይጀምርም።

በግምገማ ወረቀቴ ላይ ለኦሪጅናሉ የጻፍኩት ጥቂት ነው። ጌትዌዮቹ ትክክል ናቸው። ክቦቹ ትክክል ናቸው። የተቆራረጡት ቀስቶች ሁሉ ከፑል ወደ ፑል ይሄዳሉ፤ አንዱም ዳይመንድ ላይ አላረፈም፣ ማረፍም አይችልም። ለሲስተም ከሆነ የ60ኛው ደቂቃ ጉዳይ ይስተካከል፤ ጥያቄው በትዕዛዝ ቁጥር ይለይ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ። ደንበኛዋ ‹‹ቀዝቅዟል፣ አልከፍልም›› ብትልስ? የእሷ ፑል ላይ ሰዓት አለ፤ የፒዛ ቤቱ ፑል ላይ የለም። ገንዘቡ ካልመጣ የአድራሹ ቆርኪ ‹‹ክፍያ መቀበል›› ላይ እንደቆመ ይቀራል፤ ጥቁሩ ክብ ጋ ስለማይደርስ የትዕዛዝ ተቀባዩም ቆርኪ አይነሳም። በዚያ ሥራ ጠርዝ ላይ የሚያቋርጥ ሰዓት መለጠፍ ይቻላል። አድራሹ በር ላይ ስንት ደቂቃ ይቁም፣ ፒዛውንስ ይዞ ይመለስ ወይ ትቶት ይሂድ የሚለውን ግን የፒዛ ቤቱ ባለቤት ነው የሚነግረኝ።